በእንግሊዝኛ የሞቱት ሐጂ

የእድራችን ድንኳን በጋሪ ተጭኖ ሐጂ ደጃፍ ሲደርስ ሐጂ አልሞቱም ነበር። ጠፍተው ነበር እንጂ። ብረቱንና ሸራውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። መንገዱ መሃል ገብቼ የፈረሱን ልጓም ያዝኩ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ሐጂ ናቸዋ» አለኝ የእድሩ ጸሐፊ፣ ሐዘንተኛ መስሎ። «ያሳልፉን እንጂ እማማ፣ ሰው ሳይመጣ እንትከለው።»

«ማን ነገረህ?»

«ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል እኮ። አገር ምድሩ ነፍስ ይማር እያለ ነው።»

«ሬሳውን ያየ አለ?»

ወደ ጋሪው ዞር አለ። ከኋላዬ የሐጂ በር ተከፈተ። ባለቤታቸው የጋሪውን ጭነት አየች፤ አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቀስ ብላ ቁጭ አለችና ብረቶቹን በዓይኗ ትቆጥር ጀመር። ያን አቀማመጧን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሐጂ በቾ ቦሬ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በረንዳቸው ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው እየመቱ ኖሩ። በመጨረሻ ልባቸው መዘንጋት ጀመረ። የልጃቸውን ስም ይረሱታል፣ የደንበኛን የወገብ ልክ ግን አይረሱም። የጨርቅ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። አንድ ቀን ጠዋት እንደዚያው ሜትራቸውን አንጠልጥለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። መስጊድ ፈለግን፣ ገበያ ፈለግን፣ ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ ጠየቅን። የሉም።

በማግስቱ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው ኮምፒውተር ቤት ተቀጥራ ትጽፋለች፣ ኮፒ ታደርጋለች፤ በጎን ደግሞ ስለ ከተማችን አንድ ፔጅ ከፍታ ብዙ ሰው ይከተላታል። የቡናውን አበባ፣ የተመራቂዎቹን ጋውን ትለጥፍበታለች። የሐጂን ፎቶ ከባለቤታቸው ተቀብላ አወጣችላቸው። ልጃቸው ወደ ውጭ ሲሄድ ፎቶ ቤት የተነሱት ነው፤ ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው። ከሥሩ የጻፈችው ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር።

«በአማርኛ አትጽፊውም?» ብያት ነበር።

«እማማ፣ የዚህን ፔጅ ሰው አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛ ሲሆን ውጭ ያሉት ሼር ያደርጉታል። ሼር ሲበዛ ደግሞ ለማያውቀኝም ይታያል።»

አልዋሸችም። እስከ ማታ ድረስ የሐጂ ፊት የማላውቀው አገር ሁሉ ደረሰ። እኛም ደስ አለን። በነጋታው ድንኳኑ መጣ።

ጋሪውን መልሼ ወደ ቦሳ አዲስ በባጃጅ ሄድኩ። ልጅቷን ከደንበኛ ፊት አስነስቼ «ክፈቺው» አልኳት። ከፈተችው። ከሐጂ ፎቶ ሥር የተደረደረው ሁሉ ለቅሶ ነው። አር አይ ፒ፣ ነፍስ ይማር፣ ኢና ሊላሂ፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጋጠመ እጅ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጠዋቱን ሥራ በዝቶባት አላየችውም።

«ሚሲንግ ይላል እኮ! ጠፍተዋል ነው ያልኩት! እዚህ ተጽፏል!»

«ማን አነበበው?»

አሰበችበትና ራሷ ነገረችኝ። በእሷ ፔጅ ላይ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ውጭ ያሉ ልጆች የአባታቸውን ሞት ሲያስነግሩ። ሰው ለምዶታል። ፎቶውን ያያል፣ እንግሊዝኛውን ያያል፣ ልቡ የቀረውን ይሞላዋል። የመጀመሪያው ሰውዬ ሳያነብ አር አይ ፒ አለ። እሱን ብዙ ሰው ወደደለትና ከላይ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ያነበበው እሱን ነው። እንግሊዝኛ የማይችለው ደግሞ አማርኛውን ነፍስ ይማር አንብቦ ለጎረቤቱ ነገረ።

«ጽሑፉን አርመዋለሁ» አለች። «ባለበት ይታረማል፣ ሼሩም አይጠፋም።»

«ለቅሶውስ?»

«እሱ... ከሥሩ እንዳለ ይቆያል።»

«እንግዲያው አጥፊው።»

«እማማ! ያ ሁሉ ሼር አብሮ ይጠፋል እኮ!»

«ሼር የተደረገው ሞታቸው ነው። ይጥፋ።»

አጠፋችው። ፎቶውን ቀድተው በራሳቸው ገጽ የለጠፉት ግን ከእጇ ውጭ እንደሆኑ ያን ጊዜ ነገረችኝ። እነዚያን ማንም አያወርዳቸውም አለች።

አዲሱን ከመጻፏ በፊት እጇን ይዤ መናኸሪያ ወሰድኳት። ሐጂ በእግራቸው ሩቅ አይሄዱም፤ መኪና ውስጥ ገብተው ይሆናል። ካዩአቸውም የሚያዩአቸው የመንገድ ሰዎች ናቸው። እነሱ ስልካቸውን እንዴት እንደሚያነቡ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

አንድ የሚኒባስ ረዳት አቆምኩ። «እንግሊዝኛ ስታይ ምን ታደርጋለህ?»

«ፎቶውን አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ኮመንት እወርዳለሁ። ነገሩን የሚነግረኝ ኮመንቱ ነው።»

«እሱ እንግሊዝኛው 'ኖ ችግር' ብቻ ነው» አለ ሾፌሩ።

«አንተ እሱንም አትችልም!» ረዳቱ የራሱን ስልክ አውጥቶ አሳየኝ። «እማማ ይዩት፣ ይሄ ስልክ ደግሞ አማርኛ ሲመጣለት ሸክላ ነው የሚደረድረው። ባዶ ሳጥን በሳጥን። አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ካልጻፉልኝ አይገባኝም።»

ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ሳትጠየቅ ገባችበት። «ማሎ፣ እባካችሁ፣ እኔንም አትርሱኝ። የተማርኩት በኦሮምኛ ነው። አማርኛ እሰማለሁ እንጂ ፊደሉን ቶሎ አላነብም።»

ልጅ ልጄ ያንን ሁሉ ተከታይ እያየች እነዚህን አንድ ቀን አስባቸው አታውቅም።

እኔ ሁሉም ቋንቋ ከላይ ይጻፍ አልኩ፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም። እሷ አልተቀበለችኝም። «ሲረዝም ይቆርጠዋል እማማ። የቀረውን ለማየት መጫን አለ፣ የሚጫን ደግሞ ጥቂት ነው። ከላይ የሚታየው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንዱ መቅረት አለበት።»

መቅረት የሚለው ነገር አይጥመኝም። እድር ላይም፣ ቀበሌም፣ ለውሃ ወረፋም ከስንቱ ጋር የተጣላሁበት ነው። ቆሜ አሰብኩት። የሐጂ ልጅ ውጭ ነው፣ ስልክ ተደውሎለታል። ውጭ ያለ ሰው እዚህ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ አያይም።

«እንግሊዝኛው ይቅር» አልኩ።

በአማርኛ ፊደል፦ አልሞቱም፣ ጠፍተው ነው፣ ያያቸው ይደውል። ሻይ አፍዪዋ እያረመቻት ያንኑ በኦሮምኛ። ቀጥሎ ለረዳቱ ዓይነት ስልክ አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል። የቀረው፣ የሰፈሩም የልብሱም ምልክት፣ ከታች። ፎቶውም ተለወጠ፤ በረንዳቸው ላይ፣ በሸበጥ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ። ሐጂን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው የሚያየው ያንን ነው።

አዲሱን የወደደው ሰው ጥቂት ነበር። ልጅቷ ስልኳን ደጋግማ እያየች ፊቷ ጠቆረ። ረዳቱና ሻይ አፍዪዋ ለየራሳቸው ጓደኞች ላኩት። ከሰዓት በኋላ በመኪና ከሚደረስባት ከአሰንዳቦ ከተማ አንዲት ሴት ደወለች። ኦሮምኛውን አንብባ ነው።

ባለቤታቸውን ይዘን ሄድን። ሐጂ ከአንድ የቡና መጋዘን ማዶ፣ ከተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። የሰፈሩ ሰው ራቅ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ከደወለችው ሴት በቀር የቀረባቸው የለም። እሷ ውሃ በጆግ ይዛ አጠገባቸው ነበረች።

የመጋዘኑ ዘበኛ መጥቶ እጄን ሊስም ጎነበሰ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። ትናንት ሲመጡ በር ላይ አስቀምጬአቸው ነበር። ማታ ልጆቹ ስልክ ላይ አሳዩኝ፤ እኒሁ ሰውዬ፣ ሞተዋል ተብሎ ይለቀስላቸዋል። ፊቱ ያው ነው። ጠዋት ውሃ ስጠኝ ሲሉኝ... ወላሂ ፈርቼ በሩን ዘጋሁት።»

«ውሃ የሚለምን ሬሳ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ስልኩን አምነህ ዓይንህን ካድከው?»

አንገቱን ደፋ። ከልጆቹ አንዱ ምስሉን ሐጂ አፍንጫ ሥር አስጠግቶ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል» እንዳላቸው የነገረችን ያቺው ሴት ናት።

ባለቤታቸው ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። «ተነሱ ሐጂ፣ ቤት እንሂድ።» እሳቸው ወደ እሷ አይደለም ያዩት። ወደ እኔ ነው።

«እኔ ሞቻለሁ ወይ?»

ሐጂ የሄዱበትን መንገድ ረሱት፣ አሰንዳቦን ረሱት፣ ያጠጣቻቸውን ሴት ረሱት። ያንን አንድ ነገር ግን አልረሱም። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ይጠሩኛል።

«ሞቻለሁ ወይ?»

«አልሞቱም ሐጂ።»

«ሱፉን ለምን ለበስኩት ታዲያ?»

ምን ይባላል? እንግሊዝኛውን አላነበቡትም፤ ሱፉን ግን ስልኩ ላይ አይተው አወቁት። ለራሳቸው በገዛ እጃቸው የሰፉት እኮ ነው። አንድ ቀን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ከራሳቸው እስከ እግራቸው ሲለኩ አገኘኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የከፈን አቡጀዲ የሚለካው ለምን እንደሆነ የልብስ ሰፊ ጎረቤት ያውቃል።

ልጅ ልጄ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ነገር ከመለጠፏ በፊት «ይሄንን የሚያየው ማን ነው፣ በምን ስልክ?» ማለት ለመደች። የቡናው አበባ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ውሃ የሚቋረጥበት ቀን፣ የክትባት ቀን፣ የጠፋ ሰው በሰፈሩ አፍ። ሌሎች የቀዱት ፎቶ ግን አልሞተም። አንዳንዴ ከሩቅ አገር ይመለሳል፤ ያው ሱፍ፣ ያው እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ አዲስ አር አይ ፒ። ባየን ቁጥር «አልሞቱም» ብላ እንድትመልስ አደርጋታለሁ። በሁሉም ቋንቋ። አጥር ማዶ ሐጂ ሲስሉ እየሰማሁ።

ሐጂ አልጋቸው ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዛ ሲሞቱ ስልክ ላይ አልወጣም፤ እሷ አልፈቀደችም። ቤት ለቤት ዞሬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሦስት ሰው «ያኔ አይደል እንዴ የሞቱት?» አለኝ።

አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት ያው ጋሪ፣ ያው ብረት መንገዱን ይዞ መጣ። ሳላስበው መሃል ላይ ቆሜ ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ራሱ ፈረሱን አቆመና ቆቡን አወለቀ።

«እማማ፣ እንለፍ?»

«ቆይ» አልኩት። ገባሁ። ፊታቸውን ገልጬ አየሁ፤ እጄን ግንባራቸው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ ወደ መንገዱ ዳር ተጠጋሁ።

«እለፉ» አልኩ።