ጠዋት ያልታየው ግንብ

የእናቴ ሙት ዓመት እንዳለፈ አባቴን ይዤ ጎንደር ሄድኩ። ያኔ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሐሳቡም የእኔ ነበር። አባቴ ከቀብሩ ጀምሮ ዝም ብለዋል። በለቅሶው ሰሞን ለመጣው ሰው ሁሉ ቦታ ሲያመቻቹ፣ እንግዳ ሲቀበሉና ሲሸኙ እንባ ሳያፈሱ ቀሩ። ከዚያ በኋላም የእናቴን ነገር አንድ ቀን አላነሱም። በጎቻቸውን ያያሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ፤ በቃ። ወንድሞቼ ተያቸው፣ ጊዜ ይፈታዋል ይሉኛል። እኔ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ሰው ትልቅ ነገር ሲያይ ልቡ ይከፈታል ብዬ አምኜ ነበር፤ ከጎንደር ግንብ የሚበልጥ ነገር ደግሞ አላውቅም።

ለከተማው የነበረን አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ እንሳፈራለን። ስለዚህ ቀኑን እንደ ክፍለ ጊዜ ሸነሸንኩት። ጠዋት ግንቡና ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከሰዓት የፋሲል መዋኛና ቁስቋም።

ግንቡ ውስጥ አስጎብኚውን እየቀደምኩ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው እያዳመጡ፣ ዝም ስል “መልካም ነው” ይላሉ። ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ሳሳያቸው አማተቡ፣ ቀና ብለው ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ እግዜር ይስጥሽ አሉኝ። ውኃ ላቀበለ ሰው የሚሰጥ ምስጋና ነበር። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ወደ መዋኛው ታክሲ ልይዝ ስል አባቴ መኪናው ራሴን ያዞረኛል፣ በእግራችን እንሂድ አሉ። መንገድ ለማሳጠር በአንድ ሰፈር ውስጥ አቋረጥን። የድንጋይ አጥር፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ደጃፍ ላይ የተሰጣ በርበሬ። ጎብኚ የሚባል ዝር አይልበትም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ አባቴ ደጅ ለተቀመጠው ሁሉ ቆመው ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ይጠይቃሉ። መንዜ ሰላምታ ከጀመረ በሬ ጠምዶ እስኪፈታ ነው።

መታጠፊያው ላይ የእድር ድንኳን ተተክሎ አገኘን። እኛ አገር ለቅሶ ቤት አይታለፍም፤ ሟቹን ባያውቁትም ገብተው ይቀመጣሉ። ከተማ እንዲህ እንዳልሆነ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገብተዋል። ባሏ የሞተባት ሴትዮ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ጥቂት ጎረቤቶች አሉ። እግዜር ያጥናሽ ብለዋት ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበልን። ትንሽ ቆይቼ መዋኛው ሊዘጋብን ነው ብዬ አንሾካሾኩ።

“አንቺ ሂጂ” አሉኝ። “እኔ እዚሁ እቆያለሁ።”

ኩርፊያዬን ይዤ ሄድኩ። መዋኛው አላሳፈረኝም። ውኃ የለበትም፤ ግን የዛፎቹ ሥር አጥሩን አቅፎት፣ ጥላው ድንጋዩ ላይ ተኝቶ፣ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም። ቁስቋምን ትቼ ተመለስኩ።

ሴትዮዋ ድንኳኑ በር ላይ አገኘችኝ። አባቴ ባለቤቷን ከየት እንደሚያውቁት ጠየቀችኝ። አያውቁትም፤ ከመንዝ የመጣን መንገደኞች ነን አልኳት። ዞር ብላ ወደ ውስጥ አየች።

“እንዲያ ያለቀሱት ታዲያ ለማን ነው?”

መልሱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ወደ ውስጥ አየሁ። አባቴ ወንዶቹ መሐል ዓይናቸው አብጦ፣ የነጠላቸው ጫፍ ረጥቦ ተቀምጠዋል። ካጠገባቸው ያለው ሽማግሌ ትከሻቸውን ይዟል። ማንም ማን እንደሆኑ አልጠየቃቸውም፤ የሚያስተናግዱት እንግዳም አልነበረባቸውም።

ተሰናብተን ስንወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ትንሽ እንደሄድን አባቴ ቆም አሉ።

“እስቲ ያን ግንብ መልሰሽ አሳዪኝ። ጠዋት አላየሁትም።”

ስንደርስ ዘበኛው ዘግቶ ነበር። በአጥሩ ዙሪያ ሄደን በበሩ ብረት በኩል አሻግረን አየነው። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ግንበኛው ማን እንደነበር፣ ላይኛው ፎቅ ያለውን ጣውላ እንዴት እንዳወጡት ይጠይቁኛል። ጠዋት የነገርኳቸውን ሁሉ ሳልሰለች ደገምኩላቸው። ከዚያ ዓይናቸው በውጭ በኩል ወደ ላይ በሚወጣው ደረጃ ላይ ቀረ።

“እናትሽ ደረጃ ትፈራ ነበር” አሉ። “ደብረ ብርሃን ከተማ አንድ ጊዜ ፎቅ ላይ አሳደሩን። እስከ ላይ እጄን ይዛኝ ወጣች። ሰው ያየናል ብላት አልለቅም አለችኝ።”

እየሳቁ ነበር የተናገሩት። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ያኔ ነው።