የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የክሊኒኩ ስልክ ጠራ። ሰዎች ቀጠሮ ለመቀየር የሚደውሉበት አሮጌ ቀፎ ነው። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ። ሐኪም ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ነው የምደውለው» አለች አንዲት ሴት፣ ቃላቱን እያንዳንዳቸውን በጥንቃቄ እያስቀመጠች። «የአንዲት ወጣት የአደጋ ጊዜ ተጠሪ እርስዎ እንደሆኑ ተጽፎልኛል። አይደንግጡ። አሁን አብራዎት ናት?»

ድምፁን ለየሁት። በሳምንት ሦስት ቀን በኮምፒውተር መስኮት የማያት፣ አብሬያት የምሠራው የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ማን?»

«ረዳትዎ። የሐርጌሳዋ።»

«ፎርሙ ላይ እኮ የዘመድ ስልክ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፤ ይህን በኋላ እንነጋገርበታለን። ልጅቷ በሌላኛው ስልኬ መስመር ላይ ናት። ራሷን ለማጥፋት ታስብ እንደሆነ በግልጽ ጠየቅኳት፣ በግልጽ መለሰችልኝ። ዛሬ ነው ያለችኝ፤ የምትጠቀምበትም ነገር እጇ ላይ ነው። ብቻዋን ናት። የት እንዳለች ንገሪኝ።»

አላውቅም ነበር። ፎርሙ ላይ አድራሻ በሚለው መስመር የከተማውና የሰፈሩ ስም፣ «ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር» ብቻ ተጽፏል። ጽሕፈቱም የእኔ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ሳይኮሎጂ ተምሬ ስጨርስ አባቴን ተከትዬ ወደ ሐርጌሳ መጣሁ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምናገር ጅግጅጋ ያር ካለው ከዚህ ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎቻችን አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ናቸው። መጀመሪያ እዚሁ መጥተው ከእኔ ክፍል በቪዲዮ ሐኪሟን ያገኟታል፤ ከዚያ በኋላ ካሉበት በስልክ ይቀጥላሉ። ሐኪሟ ሁልጊዜ የምትጀምረው በተመሳሳይ ጥያቄዎች ነው፤ የት ነሽ፣ አጠገብሽ ማን አለ፣ መስመሩ ቢቋረጥ በየትኛው ቁጥር ልደውል፣ የባሰ ነገር ቢመጣ ቶሎ የሚደርስልሽ ማን ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ወግ አይደሉም። ሐኪሟ ካገር ውጭ ናት፤ እጇን ዘርግታ ማንንም መያዝ አትችልም። ያላት እጅ ያ ወረቀት ነው።

ይህች ልጅ ከሁለት ወር በፊት ስትመጣ እዚሁ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ እያደረች ትሠራ ነበር። ተጠሪሽ ማን ይሁን ስላት አንገቷን ደፋች። «ማንም የለኝም፣ ባዶ ተይው። እመቤቲቱን ብቻ እንዳትጽፊ። መታመሜን ካወቀች በቃ፣ በዚህ ከተማ ሥራ የለኝም።» መስመሩን ባዶ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሐኪሟና እሷ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ፤ ጣራ ላይ ልብስ እያሰጣች ታወራታለች፣ ሰው ከመጣ «ልብሱ አልደረቀም» ትላለች፣ ሐኪሟም በአዎና በአይደለም ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ትጠይቃታለች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያደረግንላት ልጅ ናት።

ባዶውን መስመር ግን አስተባባሪያችን አልተወውም። «እህቴ፣ ሲስተሙ ባዶ ቦታ አይቀበልም» አለኝ። «የክሊኒኩን ስልክ ጻፊና ጨርሺው።»

«እኛ እኮ ዘመዷ አይደለንም።»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ መከራከር ነው እንዴ? ሪፖርቱ ሙሉ መሆን አለበት።»

ጻፍኩት። ለመከራከር ድፍረት አጣሁ እንጂ ስህተት መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ከዚያም በኋላ ተጠሪ በሌላቸው ሌሎች ታካሚዎች ፎርም ላይ ያንኑ ቁጥር ጻፍኩ።

እናም ያን ማክሰኞ በራሴ እጅ የጻፍኩት ቁጥር በራሴ ጠረጴዛ ላይ ጠራ።

«ቤት ነኝ አለችኝ» አለች ሐኪሟ፤ «ፎርሙ ጅግጅጋ ያር ስለሚል የእመቤቷ ቤት መሰለኝ። የትኛው ቤት ብዬ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ለካ ሁለት ሳምንት ሆኗታል ከወጣች። ቦታውን ቀስ ብዬ ከራሷ አወጣለሁ። አንቺ ለመሄድ ተዘጋጂ፣ ነርሷን ያዢ። ስልክሽን አትዝጊ።»

አስተባባሪው ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። «ምን ችግር አለው? ለእመቤቷ እንደውልላታ!» አለና ከራሱ ስልክ ላይ ቁጥሯን ፈለገ፤ የሰፈሩ ሰው ስለሆነች ያውቃታል።

«አይሆንም» አልኩ። «ልጅቷ እሷ እንድታውቅ አልፈቀደችም። አሁን አብራት እንኳ አይደለችም።»

«የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እያለ ምስጢር ትይኛለሽ?» ደወለ፤ በድምፅ ማጉያ። ክፍሉ በር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ታካሚዎች ተቀምጠዋል። «ያቺ አንቺ ቤት የነበረችው ሀበሻ፣ አእምሮዋን አሟታል፣ ራሷን ልታጠፋ ነው፣ የት ነው ያለችው?» አለ በሶማልኛ፣ ስሟን ጠርቶ።

«ያ ረቢ! እብድ ናት እንዴ? ልጆቼን እኮ ከእሷ ጋር ትቼ ነበር የምወጣው!» አለች ሴትየዋ። «ከወጣች ቆየች። የት እንደገባች እኔ ምን አውቃለሁ?» ከዚያ ደግሞ ከአጠገቧ ላለ ሰው ታሪኩን መናገር ስትጀምር እየተሰማን ስልኩ ተዘጋ።

አንዲት ሴት ጠብቃ የኖረችውን ነገር በግማሽ ደቂቃ በትነነው፣ በምላሹ አንድ የመንገድ ስም እንኳ አላገኘንም። ሕይወት ለማዳን ምስጢር ይወጣል፤ ተምሬዋለሁ፣ አምናለሁም። የሚወጣው ግን ለሚደርስላት ሰው ነው፤ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። አስተባባሪው ስልኩን አስቀምጦ «ቢያንስ ሞከርን» አለ። እስከ ዛሬ ያ «ቢያንስ» ያንገበግበኛል።

ነርሳችን በዕድሜ የገፋች የሐርጌሳ ሴት ናት፤ በሶማልኛ ኤዶ፣ አክስቴ፣ እያልኩ ነው የምጠራት። ቦርሳዋን ይዛ ታክሲ አስቁማ ጠበቀችኝ። ገና ሳንነሳ የሐኪሟ መልእክት ገባ። «ሼክ ኑር ሰፈር። የቆመ ሰማያዊ የውሃ ቦቴ። ግንባታው ያላለቀ መስጊድ። ቤቱ በቆርቆሮ የታጠረ፣ አረንጓዴ በር። እየመጣችሁ መሆኑን ነግሬያታለሁ። ተቆጥታለች፣ ግን መስመሩን አልዘጋችም።»

«ወንድሜ፣ ቶሎ ንዳ» አለችው ኤዶ ለባለታክሲው።

«ሙሽራ ልትወስዱ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ አንተን ልንድር። ንዳ!»

ሼክ ኑር ስንደርስ ቦቴውን አየነው። ያላለቁት መስጊዶች ግን ሁለት ነበሩ። ኤዶ ከመውረዷ በፊት ነጭ ጋውኗን አውልቃ ጠቅልላ ከመቀመጫው ሥር ወሸቀችው። «ዶክተር መጣባት እንዲሏት ነው?» አለችኝ።

አረንጓዴ በር ያየሁት የለም። ሰው ማናገር ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ ሦስቴ የምለማመድ ሰው ነኝ። ጥግ ላይ ከሰል የምትሸጥ ሴት ጋ ሄድኩ።

«እናቴ፣ ሀበሻ ልጆች የተከራዩበት አረንጓዴ በር የት ነው?»

«ምን ፈለግሽ?»

«ጓደኛዬ ናት። ልጠይቃት ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «እየሮጥሽ ነው የመጣሽው። ጓደኛ ልጠይቅ የሚል ሰው እንዲህ ያልበዋል?»

ፊቴን በክንዴ ጠረግኩ።

«ቀጭኗን ከሆነ ዛሬ ውሃ ልትቀዳ አልወጣችም» አለች፣ በከሰል በጠቆረ ጣቷ ወደ ጠባቡ መተላለፊያ እያሳየች። «ሦስተኛው በር። ሂጂ።»

አንኳኳሁ። ከውስጥ የሐኪሟ ድምፅ ይሰማኛል፤ «የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። በሩን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ፤ ሰብሮ የሚገባ የለም። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ቆይቶ ተከፈተ። ስልኩን በደረቷ ይዛለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት ነበር።

«ማን ነይልኝ አለሽ?»

«ማንም» አልኩ። «እንድትቆዪ ፈልገን ነው የመጣነው።»

ኤዶ ሳትጠይቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ጉልበቴ ሞቷል፣ ትንሽ ልረፍ» አለች፤ እኔም ተረጎምኩላት። ልጅቷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ሐኪሟ በስልኩ ውስጥ፣ ያዘጋጀችውን ነገር ለኤዶ እንድትሰጥ ለመነቻት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሰጠቻት። ኤዶ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ቦርሳውን ከጉልበቷ አላነሳችም። የወሰደችው ነገር ይኖር እንደሆነ ሐኪሟ ልጅቷን ደጋግማ ጠየቀቻት፤ የለም አለች። ሐኪሟም ሆስፒታል ላለው ተረኛ ሐኪም በእንግሊዝኛ ደውላ ሁሉንም ነገረችው፤ ስንደርስ ይጠብቀን ነበር።

ታክሲው ውስጥ መሃላችን ተቀመጠች። ባለታክሲው አንዴ በመስታወት አይቶን ቀልዱን ተወ። መንገዱ ደልዳላ ሲሆን ወደ እኔ ዞረች።

«እመቤቲቱ ሰምታለች?»

መዋሸት እችል ነበር። «አዎ» አልኩ። «ከክሊኒካችን ነው የተነገራት። አንቺ አልፈቀድሽም ነበር። በደልንሽ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «ወረቀቱ ላይ ባዶ ተይው ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

ሆስፒታል እስክንደርስ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። ስንደርስ ግን በገዛ እግሯ ወረደች።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የታካሚዎቹን ፎርሞች አውጥቼ ያ ቁጥር ባለበት ሁሉ በቀይ ሰረዝኩ፤ አጠገቡም «ተጠሪ የለም፣ አድራሻ አልተረጋገጠም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አስተባባሪው ገብቶ ራሱን ያዘ።

«ምን አደረግሽ? ነገ እኮ ሪፖርት እናስገባለን!»

«ያስገቡት» አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። «ቀዩን ግን እንዳያጠፉት። ትላንት ማን ጋ እንደደወሉና ምን እንዳሉም ለዶክተር ጽፌያለሁ። የእኔንም ጥፋት ጽፌያለሁ።»

የሚመልስልኝን ቆሜ አልሰማሁም። የእሷን ፎርም ይዤ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አብራት ያደረችው ኤዶ ወንበር ላይ አንቀላፍታለች። ወረቀቱን አሳየኋት፣ ቀዩንም ሰረዝ።

«አሁንም ባዶ መተው መብትሽ ነው» አልኳት። «ባዶ ከሆነ ግን ባዶ መሆኑን ዶክተር ታውቀዋለች። ማንንም አስመስዬ አልጽፍም።»

ጣቷን በቀዩ ሰረዝ ላይ አስኬደች። «ከሰል የምትሸጠውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«ጠዋት ጠዋት ካላየችኝ በሩን ታንኳኳለች። መጀመሪያ ግን እኔ ልጠይቃት። እሺ ካለች... ታማለች፣ አብረሻት ሁኚ ብቻ በሏት። ሌላ አይነገራት።»

«ልክ እንዳልሽው» አልኩ። ከዚያ አድራሻ በሚለው መስመር ላይ፣ እያየችኝ፣ ቦቴውን፣ መተላለፊያውን፣ ሦስተኛውን፣ አረንጓዴውን በር ጻፍኩ። የተጠሪውን መስመር ፈቃድ እስኪገኝ ባዶ ተውኩት።