ከማዳም አካውንት ያልወጣው ቴሌቪዥን

ማዳም ቴሌቪዥኑን የሰጠችኝ ወድዳኝ አይደለም። ትልቅ ስለገዛች የድሮው ቦታ አጣበባት፣ እኔ ደግሞ ከስድስት ዓመት የዐረብ ሀገር ሥራ በኋላ ወደ ሀገሬ፣ ወደ ወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልገባ ነበር። በካርጎ ጫንኩት። ሰው ቴሌቪዥን ሲሸጥ ወይም ሲሰጥ መጀመሪያ ከአካውንቱ ይወጣል፣ ከዚያ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ማዳም ይህን አላደረገችም። እሷ መቼ የራሷን ነገር ራሷ አጽድታ ታውቅና!

እኔ ግን አውቅ ነበር። ለልጆቿ ካርቱን ስከፍት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሴቲንጉን ከእሷ በላይ አውቀዋለሁ። እናቴ ቤት ሰቅዬ ከዋይፋይ ጋር ሳገናኘው የማዳም ስም ከነፎቶዋ ብቅ አለ። ያኔውኑ ማጥፋት ነበረብኝ። ተውኩት፤ ለምን ብትሉ፣ ማዳም በየወሩ ስለምትከፍል ቪዲዮው ያለ ማስታወቂያ ይሄዳል። እናቴ መንዙማዋን ሳይቆራረጥ ትሰማለች። እኔም፣ አካውንቱ አንድ ስለሆነ ስልኳን በከፈተች ቁጥር የወሎ መንዙማ ይምጣባት ብዬ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላውንም ልናገር። ኮንትራቴ ካለቀ በኋላ ማዳም ፓስፖርቴን ይዛ «አንቺን የመሰለች ሳታመጪ አትሄጂም» አለችኝ። ታናሽ እህቴን ሰጠኋት። ሰጠኋት ነው የምለው፣ ሌላ ቃል የለውም። ለእናቴም ለእሷም በስልክ፣ ማዳም እንደ ልጇ ነው የያዘችኝ፣ የራሴ ክፍል አለኝ፣ ከእነሱ ጋር እበላለሁ አልኳቸው። ክፍል የምለው የልብስ ማጠቢያው ማሽን የቆመበትን ነው። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባና ፍራሼን ስታይ ዞር አለች። እኔን ብቻ አየችኝ። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ወጣሁ።

እህቴ ሁለት ወር ያህል ጁምዓ ጁምዓ ትደውል ነበር። ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። ማዳም ዘንድ ደወልኩ። «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» ብላ ዘጋችው። ደግሜ ስሞክር አይገባም፤ ቁጥሬን ዘግታዋለች። እናቴ ሌሊትም ቀንም ስልኩን ከጉያዋ አታወጣም። «አብሽሪ እማ፣ ካርድ አልቆባት ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ትታው ምስር ትለቅማለች። ቴሌቪዥኑ ለጥቂት ጊዜ የሚነካው ሲያጣ የማዳምን ቤተሰብ ፎቶ በየተራ ያሳያል፤ እዚያ ቤትም እንዲሁ ነበር። በስልኳ የምታነሳው አዲስ ፎቶ ሁሉ በራሱ ይመጣል። እናቴ የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብላ ልብ ብላው አታውቅም። ያን ቀን ግን ጮኸች። ሮጬ ስገባ ስክሪኑ ላይ የማዳም ልጅ ልደት ነው፤ ከኬኩ ኋላ እህቴ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«ማሻ አላህ፣ አለች እኮ!» አለችና እናቴ መስታወቱን በመዳፏ ዳበሰችው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን መንዙማም ዜናም ቀረ። እናቴ ቴሌቪዥኑን ትከፍትና ሪሞቱን ራቅ አድርጋ አስቀምጣ ትጠብቃለች። እንግዳ ከመጣ «ዝም በሉ፣ ልጄ ልትወጣ ነው» ትላለች። መቶ ፎቶ አልፎ አንዱ ላይ እህቴ ጥግ ላይ ትታያለች፤ ግማሽ ፊቷ፣ ወይም ክንዷ ብቻ። እናቴ ክንዷን እንኳ ታውቀዋለች።

በአንዱ ፎቶ የእህቴ አንጓ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጇን ምን ሆና ነው?»

«ሂና ነው፣ እማ። እንዲይዝ እንዲያ ይጠቀልሉታል።»

ውሸቱ ከአፌ እንዴት ፈጥኖ እንደወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ማዳም ስትቆጣ በካውያ ምን እንደምታደርግ እኔ አውቃለሁ፤ የእኔ ጠባሳ እጅጌዬ ሥር አለ። በሌላ ሳምንት ሻሿ የተንሸራተተበት ፎቶ መጣ። ጸጉሯ ተላጭቷል። እስከ ወገቧ የሚደርስ ጸጉር ነበራት። ማዳም የእኔንም በመጀመሪያው ዓመት ምግብ ውስጥ ገባ ብላ ላጭታዋለች።

«ጸጉሯን ማን ነካው?» አለች እናቴ።

«ሙቀት ነው እዚያ። ራሷ ተቆርጣው ነው።»

እናቴ ፎቶው እስኪያልፍ ጠበቀች። ኋላ «ነገ ጎረቤታችንን እጠራታለሁ። እሷም ዐረብ ሀገር ሠርታለች፣ አይታ ትንገረኝ» አለች። ጎረቤታችን አንድ ፎቶ ይበቃታል። እጁንም ጸጉሩንም ታነበዋለች፤ ከዚያ ዞራ «አንቺስ እዚያው ቤት ስድስት ዓመት አልነበርሽም?» ትለኛለች።

ጠዋት እናቴ ልትጠራት እንደወጣች ሪሞቱን አነሳሁ። ሴቲንግ ገባሁ፣ አካውንት የሚለውን ከፈትኩ፣ የማዳምን ስም መርጬ አስወገድኩት። ይኸ ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን የፈሪ ነገር፣ ሪሴት የሚለውንም ፈልጌ ነካሁት። ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ አዎ አልኩት። ጠፋ፣ በራ፣ ትንሽ ቆየና በየትኛው ቋንቋ ልክፈት ብሎ ቆመ።

እናቴ ጎረቤታችንን ይዛ ገባች። ስክሪኑን አይታ ተበላሸ እንዴ አለች።

«ልሸጠው ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው የሻይ ቤት ሰውዬ ሲለምነኝ ሰንብቷል። ሲሸጥ እንዲህ ይደረጋል።»

«ይሁን» አለች እናቴ። «መጀመሪያ ልጄን አውጪልኝ፣ ከዚያ ትሸጪዋለሽ።»

ፎቶው ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንዳልነበረ፣ ማዳም ጋ እንዳለ፣ መግቢያ ቁጥሩን ከማዳም በቀር ሰው እንደማያውቀው ነገርኳት። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እውነት ነግሬያት የማላውቅ ሴት፣ ያን ጠዋት እውነት በእውነት ሆንኩ። እናቴ ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ጎረቤታችን ስክሪኑን አላየችም። እጅጌዬን አየችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በዚያው ቀን ቴሌቪዥኑን በባጃጅ ወሰዱት።

የሻይ ቤቱ ሰውዬ በራሱ አካውንት ከፈተው። እናቴ አሁን ዝሁርን ሰግዳ እዚያ ትሄዳለች። ኳስ ከሌለ ሰውዬው እሷን ብሎ ሳይነካው ይተወዋል፤ ፎቶዎቹ ይመጣሉ። ከፋብሪካው ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጡ ናቸው። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ የሰው ሀገር ድልድይ፣ ሰው የሌለበት ባሕር ዳርቻ። እናቴ ግን ጥግ ጥጉን ነው የምታየው።

ትናንት ልወስዳት ሄድኩ።

«አልወጣችም» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

እዚያው እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ሻይ አዘዝኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ትንሽ እንቆይ፣ ትወጣለች» አልኳት።