ለእንቁጣጣሽ ቅናሽ የጻፍኩት የማስታወቂያ መመሪያ

አሰላ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጥ ሱቅ እሠራለሁ። የማስታወቂያ ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ ከስልክ ላይ እያየሁ ነው የለመድኩት። አምና ለእንቁጣጣሽ «ታላቅ ቅናሽ» ብለን ለጥፈን ነበር። ከሳጉሬ በሚኒባስ የመጡ ሰዎች ቅናሹ ለመጋረጃ ብቻ መሆኑን ሲሰሙ ተቆጥተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የሳጉሬ ደንበኛ ሳሳ። ዘንድሮ የሱቁ ባለቤት፣ «አንድ ሰው እንኳ ተታለልኩ ብሎ እንዳይወጣ። ከወጣ ሳጉሬን ለዘላለም አጣናት» አሉኝ።

ስለዚህ አዳማ ለምትሠራው ዲዛይነር የምልከውን መመሪያ ሁለት ቀን ጻፍኩት። የሚቀነሱት ስድስት ዕቃዎች ከነድሮና ከነአዲስ ዋጋቸው፣ ቅናሹ በጳጉሜን መጨረሻ እንደሚያበቃ፣ ለቴሌግራም አራት ማዕዘን ምስሎች፣ ለቲክቶክ ዐሥራ አምስት ሰከንድ የሚሆን ቁመታም ቪዲዮ፣ ድምፅ ሳይከፈትም በጽሑፉ ብቻ የሚገባ። ምስሎቹ ላይ ከስድስቱ ሌላ ምንም እንዳይታይ አሰመርኩበት። ስለ ቪዲዮው አጀማመር ግን የጻፍኩት፣ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች የሱቁን ውብ ነገር ያሳዩ» የሚል ብቻ ነው። ሱቁን በስልኬ ቀርጬ ላክሁላት።

ሠርታ የላከችልኝ ቪዲዮ የሚጀምረው በቀዩ የሙሽራ ብርድ ልብስ ነበር። ለጥር ሠርግ የመጣ ስለሆነ ዋጋው አይነካም፤ ማሳያው አልጋ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚነጠፈው እሱ ነው። ዓይኔ ስለለመደው ልብ አላልኩትም። የፊደሉን መጠንና የዋጋውን አሃዝ አጣርቼ ለጠፍኩት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ስልካቸውን ዘርግተው ገቡ። ቪዲዮውን ቀዩ ላይ አቁመውታል።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ነው የምፈልገው። በቅናሹ።»

«እማማ፣ እሱ ቅናሽ የለውም።»

«እንዴት የለውም? እዚህ ተጽፎበት! ወይስ ስልኩ ይሽጥልኝ?»

«ከየት መጡ?» አሉ የሱቁ ባለቤት ከውስጥ ወጥተው።

«ከሳጉሬ። አምናም መጥቼ ነበር።»

የሱቁ ባለቤት ቪዲዮውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«የአዳማዋ ልጅ ናት ቀዩን ያስገባችው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምስሎቹ ላይ የከለከልኩትን ቪዲዮው ላይ አልከለከልኩም። ውብ ነገር አሳዪ አልኳት፤ አሳየች።»

«ዓይን ያላት ልጅ ናት» አሉና ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ገፈፉት። «እንደ ሌሎቹ ቀንሰህ ጠቅልልላቸው። ከዚያ ያንን ነገር አውርደው።»

ሴትየዋ ሲወጡ፣ «አሁን ገና ሱቅ ሆናችሁ» አሉ።

ቪዲዮውን አጥፍቼ ለዲዛይነሯ ጻፍኩላት፦ ከስድስቱ ሌላ ምንም፣ አንድ ሰከንድም ቢሆን።

«ታዲያ በምን ልጀምር? ከላክህልኝ ቀረጻ ውስጥ ከስድስቱ ለመክፈቻ የሚሆነው ግራጫው ብርድ ልብስ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሆስፒታል ይመስላል» አለች።

«በግራጫው ጀምሪ።»

አዲሱን ቪዲዮ ከቀዩ ያነሰ ሰው አየው። በገበያ ቀን ሁለት ሴቶች ከሳጉሬ መጥተው ስልካቸው ላይ ግራጫውን አሳዩኝ። ከመደርደሪያው አወረድኩላቸው።