መንጠቆ የበላው ብረት

ይርሳው ለብረት ትዕግሥት ያለው፣ ለሰው ግን ቅንጣት ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። አይፈረድበትም። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ ማዶ ካለች መንደር ከቀጥቃጭ ቤት ተወልዶ፣ ማረሻ አሠርቶ የሚሄደው ገበሬ ሁሉ «ቀጥቃጭ ሰው ይበላል» እያለ ልጁን ሲሸሽግበት ነው ያደገው። በእርሱ ማረሻ የበቀለውን ጤፍ ሲበሉ ግን ማንም አይሸሽግም። ይህን ባሰበ ቁጥር ደሙ ይፈላ ነበር።

በዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ቡሬ ላይ ለጦሩ የእህል መጋዘን መሥራት ሲጀምር፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም ተሰበሰበ። ይርሳውም የሚስቱን የእናኑን ወንድም እንዳለውን ይዞ ሄደ። እንዳለው የብረት ክምሩ ጠባቂ ሆነ፤ ይርሳው አጣፊ። መጋዘኑ ሃያ አራት ምሰሶ አለው። የእያንዳንዱ ምሰሶ አጥንት አራት ወፍራም የቆመ ብረት ሲሆን፣ ዙሪያውን ስታፋ በሚሉት ቀጭን አራት ማዕዘን ቀለበት ይታሰራል፤ ከዚያ አርማታ ይፈስስበታል። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ጫፉ ካልተቆለመመ ከአርማታው ውስጥ ይሾልካል። ስለዚህ የየብረቱ ጫፍ፣ የስታፋውም ጭምር፣ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። እንዲህ አድርግ ብሎ በገዛ ጣቱ ያሳየው ራሱ የጣሊያኑ አለቃ ነው።

ሃያ አራቱ አጥንቶች ታስረው፣ በሃያ ሦስቱ ላይ አርማታ ፈስሶ እንዳለቀ፣ አንድ ማክሰኞ የተረፈው ብረት ተመዘነ። ቁርጥራጩ ሳይቀር ሚዛን ላይ ወጣ። ሰባ አምስት ኪሎ ጎደለ። አለቃው የሚፈጀውን ብረት ያሰላበትን ወረቀት አየና እንዳለውን አሳሰረው። በዚያ ዓመት ጎጃም ውስጥ ብረት ጠፋ ማለት ለአርበኛ የጦር መሣሪያ ተሠራበት ማለት ነው። ቅዳሜ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ የእስረኛ መኪና አለ፤ በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ ያየ የለም።

ይርሳው የጎደለው የት እንደገባ ወዲያው ገባው። የአለቃው ወረቀት የምሰሶውን ቁመት እንጂ የታጠፈውን ጫፍ አልቆጠረም። እየሮጠ ሄዶ አለቃው ፊት ቆመ። መካከላቸው አስተርጓሚው ተስፋው ነበር፤ ጣልያንኛን በመኮንኖች ወጥ ቤት ሁለት ዓመት ድስት ሲያጥብ የለቀመ ሰው።

«አቶ ተስፋው፣ እባክዎ እንዲህ ይበሉልኝ» አለ ይርሳው። «እንዳለው አልሰረቀም። ብረቱን መንጠቆ ነው የበላው።»

አንደበቱን ማሳመር የጎጃም ሰው ዐመል ነው፤ ይርሳውም ከዚህ አላመለጠም። ተስፋው ትንሽ አሰበ። መንጠቆ፣ ነጠቀ፣ ነጣቂ፤ በላ ደግሞ ሰረቀ ነው። አዙሮ ለአለቃው ነገረው። አለቃው ከወንበሩ ብድግ ብሎ እስክሪብቶ አነሣ።

«ይኸ መንጠቆ የሚሉት ሰው የየት አገር ነው ይልሃል» አለ ተስፋው።

ይርሳው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ «ኧረ ሰው አይደለም! ብረት ነው፣ የታጠፈ ብረት!» እያለ ጣቱን ቆልምሞ አሳየ። ተስፋው ደግሞ የተቆለመመውን ጣት አይቶ ሰውዬው እጀ ቆልማማ ነው ብሎ ጨመረበት። ይርሳው ሊያስረዳ አፉን በከፈተ ቁጥር የመንጠቆ መልክ እየበዛ ሄደ።

በማግስቱ ወታደሮች መንጠቆን ፍለጋ ወጡ። አለቃውም ለበላዩ፣ መንጠቆ የሚባል እጀ ቆልማማ ሽፍታ ብረት ዘርፏል፣ እየተፈለገ ነው ብሎ በስልክ አስታወቀ፤ እንዳለው ግን በር ከፋቹ ነው ተብሎ እንደ ታሰረ ቀረ። ሐሙስ የቡሬ ገበያ ወሬ እርሱ ብቻ ሆነ። አንዱ በቆላው በኩል ከነጭፍራው አየሁት አለ፤ ሌላው ጥይት አይበሳውም አለ። አንዲት አሮጊትማ የእናቱን ስም ታውቃለች። ይርሳው ሰምቶ ሰምቶ ራሱን በመዶሻ መምታት አማረው።

«እንዴው ቀጥ አርገህ ብትናገር ምን ነበረበት?» አለችው እናኑ፣ ዐይኗ በልቅሶ አብጦ። «ወንድሜ ሊሞት አንተ ቅኔ ትዘርፋለህ?»

በእርስዋ ሳይሆን በራሱ ተናደደ።

ዓርብ ማለዳ፣ በመጨረሻው ምሰሶ ላይ አርማታ ሳይፈስስ፣ ይርሳው ከአንድ ሠራተኛ ጋር አጥንቱን ተሸክሞ ለመጋዘኑ እህል በመጣው ሚዛን ላይ ዘረጋው። አለቃው እየጮኸ መጣ። ይርሳው በዚያ ቀን ቃል ላለመናገር ምሎ ነበር፤ ሚዛኑን በጣቱ አሳየ። ሠላሳ አራት ኪሎ ተኩል፣ ከነማሰሪያው ሽቦ። የአለቃው ወረቀት ለአንድ ምሰሶ ሠላሳ አንድ ከሩብ ገደማ ይላል።

አለቃው ሚዛኑ ተበላሽቷል አለ። ይርሳው ጥርሱን ነክሶ አንድ ትርፍ ስታፋ አነሣና በሜትር ለካው፤ በአራቱ ጎን ሠላሳ አራት ሠላሳ አራት፣ ዙሪያው መቶ ሠላሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱም ይህንኑ ይላል። ከዚያ ስታፋውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ እየቀጠቀጠ አቃናው፤ ከሜትሩም ጎን ዘረጋው። መቶ ኀምሳ ስድስት። ሁለቱ መንጠቆዎች ዐሥር ዐሥር ሳንቲ ሜትር ወስደዋል። የወፍራሙንም ብረት አንዱን ጫፍ አቃናው፤ ዐሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር። ላይና ታች ሲደመር በአንድ ብረት ሠላሳ፤ አራት ሜትር የተባለው ብረት አራት ሜትር ከሠላሳ ነው። በመጨረሻ ስታፋዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ሃያ አንድ። አለቃው አራት ሜትሩን በሃያ ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲያካፍል ሃያ አግኝቶ እዚያው ቆሟል። በሃያ ክፍተት ሃያ አንድ ችካል እንደሚቆም አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቃል፤ እርሱ ግን አጥሮ አያውቅም።

አለቃው እርሳሱን አወጣ። ወፍራሙ በሜትር አንድ ኪሎ ከኀምሳ ስምንት ነው፤ አራቱ ብረቶች የጨመሩት አንድ ሜትር ከሃያ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ቀጭኑ በሜትር ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ግራም ነው፤ የስታፋዎቹ መንጠቆና ያልተቆጠረው ሃያ አንደኛው አንድ ኪሎ ከሩብ ሊሞሉ ጥቂት ግራም ቀራቸው። በአንድ ምሰሶ ሦስት ኪሎ ከመቶ ሠላሳ ግራም ገደማ። በሃያ አራት አባዛው። ሰባ አምስት። ጆሮው ቀላ።

ወረቀቱን አጣጥፎ ለተስፋው አንድ ነገር ተናገረ።

«እስረኛው ይፈታል ይልሃል» አለ ተስፋው፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ነገር ግን ስለ መንጠቆ ወደ ላይ ነግሯል። ተሳሳትሁ ማለት አይችልም። ብረቱን መንጠቆ የሚባል ሽፍታ ሲወስድ አይቻለሁ ብለህ ትፈርማለህ።»

«ማንም አልሰረቀም ብሎ አይጽፍም?»

«አይጽፍም።»

ይርሳው በዕድሜው አንድ ጊዜም በብረት ሚዛን ዋሽቶ አያውቅም፤ ሰው ይበላል ከተባለ ቤት ተወልዶ ያለው ክብር ይኸው ብቻ ነበር። ቢሆንም ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ማታ ሳይደርስ እንዳለው ተፈታ። ጀርባው በጅራፍ ተልጦ ስለነበር፣ ይርሳው በትከሻው ደግፎት ቀስ እያሉ ወደ ቤት አመሩ። ከገበያው ዳር ሲደርሱ እንዳለው ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«የእስር ቤቱ ዘብ ሁሉን አወራኝ» አለ። «ያ መንጠቆ የሚሉት ጀግና ባይኖር ይኸኔ አልቆልኝ ነበር። እኔን ያተረፈ እርሱ ነው። ባለበት እግዜር ይጠብቀው።»

ይርሳው አፉን ከፈተ። የተቀጠቀጠው ስታፋ፣ ሚዛኑ፣ ሃያ አንዱ ቀለበት ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንዳለውን ቀና ብሎ አየው፤ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ ብሏል።

«አሜን» አለው።