ሦስት አክስቶችና አንዲት ጸሐፊ

የጸሐፊዋ ወንድም የእኅቱን ሞት በስልክ ሲነግራት፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የአንድ ማኅደር ጀርባ በመርፌ እየሰፋች ነበር። «ዛሬ ንጋት ላይ» አላት። ክሩን ቋጥራ ቆረጠችው፤ ሌላ የምትሠራው አልታያትም።

ጸሐፊዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ኖራለች። ቀጭን፣ ሻይ ያለ ስኳር የምትጠጣ፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ነበረች። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ባስቀሩ ቁጥር ምክንያት ፈጥራ የምትጽፍላቸው እሷ ናት፤ በእሷ ብዕር ሦስት አክስቶቻቸው ሞተዋል። «አራተኛዋን ግን ራሳቸው ይግደሏት» ትል ነበር።

ቀትር ላይ ሥራ አስኪያጁ መጡ። ፊታቸው አዝኗል፤ እግራቸው ግን ቸኩሏል።

«እኅቴ፣ የነገውን ስብሰባ ወደ ሌላ ቀን አስተላልፊልኝ። በባልደረባችን ድንገተኛ ሞት ምክንያት በይ። በሐዘን ማን ይጨክናል?»

ስብሰባው ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ነው። የአሥራ ሁለቱም ውል ወሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል የሚለው ጥናት የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ አምስት ሳምንት ሆኖታል።

«ጥናቱን አንብበውታል?»

«ጀምሬዋለሁ።»

«ሽፋኑን?»

ሰዓታቸውን አዩ።

«ጌታዬ፣ ሦስት አክስቶችዎን ቀብራልዎታለች። እሷን እንኳ በሰላም እንቅበራት።»

«ታዲያ ምን ልትጽፊ ነው?»

«እውነቱን።»

እንዲህ ጻፈች፦ «የነገው ስብሰባ አይካሄድም። ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ ጥናቱን አንብበው አልጨረሱም። መቼ እንደሚጨርሱ ስለማናውቅ አዲስ ቀን አልቆረጥንም። እስከ ዓርብ ቀትር ሦስት አማራጭ ቀናት እንልክላችኋለን፤ ሁሉም ውሉ ከማለቁ በፊት ይሆናሉ። በየፈረቃችሁ የማይመቻችሁን ሰዓት ንገሩን።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከጥናቱ ይልቅ ይህን ማንበባቸው ይገርማል። «አዋረድሽኝ እኮ!» አሉ።

«ካላማረዎት የሟችን ወንድም ልጥራልዎትና በእኅቱ ሞት የሚያመካኘውን እሱ ይፈርምልዎት።»

ፈረሙ፤ ብዕሩን ግን እንደ ትኩስ ፍም ነበር የያዙት።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ማስታወቂያውን ስትለጥፍ የጽዳት ሠራተኞቹ ተወካይ መጥረጊያዋን ተደግፋ አነበበችው። «እሰይ! ባሁኑስ ማንም አልሞተም» አለች፤ ወዲያው ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅር በይኝ እቴ።»

«ግድ የለም። እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው።»

ተወካይዋ ለጠዋት ፈረቃ ሠራተኞች እስከ ስድስት ሰዓት እንደማይመቻቸው ነግራት ሄደች፤ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮም ጻፈችው።

ረቡዕ ጸሐፊዋ ተቀበረች። ሥራ አስኪያጁ በቀብሩ ላይ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ለንግግር ጊዜ አያጡም። ሐሙስ ጥናቱን ይዘው በራቸውን ዘጉ።

አሁን ዓርብ ጠዋት ነው። ሥራ አስኪያጁ ገጽ አሥራ አራት ላይ ናቸው፤ ጥናቱ አርባ ገጽ ነው። እስከ ቀትር መላክ ያለባቸው ሦስቱ አማራጭ ቀናት ገና አልተላኩም።