የሰው ሳጥን

«ከወደብ ወጥቷል እኮ! ከወደብ የወጣን ዕቃ ወደቡ ምን አገባው?»

አጎቴ ጀርባቸውን ለኮንቴይነሩ በር ሰጥተው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቆመዋል። የጭነት መኪናው ሾፌር ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ወደቡ አይደለም ጋሼ፣ የመርከብ ድርጅቱ ነው» አልኩ። «ዕቃው የእርስዎ ነው፤ ሳጥኑ ግን የእነሱ ነው።»

«የእነሱ ከሆነ መጥተው ይውሰዱታ!»

«አይመጡም። እስክንመልስላቸው ዝም ብለው ይቆጥራሉ።»

«ይቁጠሩ!»

«በእኔ ባሕር ዛፍ ነው የሚቆጥሩት» አሉ አክስቴ ከኋላዬ። ሳጥኑ ከደረቅ ወደብ ሲወጣ የተያዘው ማስያዣ የተገኘው ከአባታቸው የወረሱት ባሕር ዛፍ ተሽጦ ነው። ባዶው ሳጥን ካልተመለሰ ማስያዣው አይለቀቅም፤ እንዲያውም በቆየ ቁጥር ከዚያው ላይ እየተቆረሰ ያልቃል። አክስቴ ይህን ከማንም ቀድመው ነበር የተረዱት።

አጎቴ ንፋስ መውጫ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ዕቃ ሲያከፋፍሉ ኖረው፣ የገብስና የስንዴ መውቂያ ማሽን በራሳቸው ስም ከውጭ ያስመጡት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔ ደብዳቤያቸውን እጽፋለሁ፣ ስልካቸውን አነሳለሁ። ግጥም እጽፋለሁ ብዬ ከተማ ለከተማ ስዞር ከርሜ ገንዘቤ ሲያልቅ የተመለስኩት ወደ እሳቸው ግቢ ነው። ጉዳዩን የሚያስጨርስልን ትራንዚተርም የሚደውለው ለእኔ ነበር፤ አጎቴ ይጮኹበታላ።

ዕዳው የጀመረው ገና ሳጥኑ ወደብ ሳለ ነው። የጭነቱ ዋና ሰነድ ባንክ ደርሶ አጎቴ ቀርበው እንዲረከቡ ሲጠየቁ፣ የወንድማቸው ተዝካር ላይ ነበሩ። ጠላ ተጠምቆ፣ ካህናቱ ተጠርተው፣ ዘመድ ከስማዳም ከእስቴም በእግሩ እየመጣ የት ይሄዳሉ? ትራንዚተሩ «ውክልና ይስጡኝና እኔ ልጨርሰው» ብሎ ነበር። «ፊቱን አይቼው ለማላውቅ ሰው?» አሉ። ሰነዱ ባንክ ተኛ፣ ጉምሩኩም ያለ ሰነድ አልጀመረ፤ ያለ ክፍያ የተሰጡት ቀናት አለቁ። የሞላ ሳጥን ወደብ ውስጥ ሲዘገይ የመርከብ ድርጅቱ የሚጠይቀው ዲመሬጅ ይባላል። ወደቡ ደግሞ ለቦታው ኪራይ ለብቻው ይጠይቃል። ሁለቱም ተከፈሉ። አጎቴ አቤት ሳይሉ ከፈሉ፤ ለወንድማቸው ተዝካር እንደወጣ ነው የቆጠሩት።

ሁለተኛውን ዕዳ ግን ማንም ከሐዘን ሊያስጠጋው አይችልም። ትራንዚተሩ «ማሽኖቹን እዚሁ አራግፈን በተራ መኪና እንጫን፣ ባዶው እዚሁ ይመለስ» አለ። አጎቴ አሻፈረኝ አሉ። ሳጥኑ እንደታሸገ በንፋስ መውጫ መንገድ ላይ እንዲያልፍ፣ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ እንዲያየው ፈልገው ነበር። አለፈም። ሰውም ወጣ። ከግቢያችን ጀርባ ያለው መደብ ከመኪናው ጀርባ ጋር እኩል ስለሆነ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ እያንከባለልን አወረድነው። እልልታው የሠርግ ነበር።

ከዚያ የነፍስ አባታቸው ጸበል ሳይረጩበት አይከፈትም ተባለ፤ ለዚያም የደብሩ ወርኃዊ በዓል ተጠበቀ። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መጋዘናችን ያፈሳል፣ ሌባ አለ፣ ክረምት ነው፣ ገበሬው ማሽን የሚገዛው ሰብል ሲደርስ ነው እየተባለ፣ ማሽኖቹ እዚያው ውስጥ ቀሩ። አጎቴ ስማቸውን በትልቁ አስጻፉበት። ከስሙ ሥር ደግሞ እኔ የገጠምኩት አለ፦

ከባሕር ማዶ መጥቶ ከደጋ ያረፈ፣
የገበሬን ክንድ ከድካም ያሳረፈ።

ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ይህ ነው።

ቆይቶ ትራንዚተሩ ደወለ። «ባዶው የታለ?» አለኝ። «ከወደብ ውጭ መዘግየትም ያስከፍላል እኮ፤ ዲቴንሽን ነው። በቆየ ቁጥር የቀኑ ዋጋ ራሱ ከፍ እያለ ይሄዳል።» ለአጎቴ ነገርኳቸው፤ አላመኑም። መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ። ደግሞ ተዘጋ። እኔ በየማለዳው ተነስቼ ሳጥኑን አያለሁ፤ እሱም እዚያው፣ እኔም እዚሁ። በመጨረሻ ሲሚንቶ አራግፎ መኪናውን ባዶውን ይዞ የሚወርድ ሾፌር አገኘሁ። መንገዱ ክፍት ሳለ ልሂድ ብሎ ቸኩሏል። ልብሴን በቦርሳ አዘጋጀሁ። ሳጥኑን አስረክቤ፣ የርክክቡን ወረቀት ለትራንዚተሩ ሰጥቼ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኛል ብዬ አስቤ ነበር።

አጎቴ በሩን አላስነካ ሲሉ የነፍስ አባታቸውን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተ ልሔም ተምረው ያደጉ፣ ነገር ሳይመረምሩ የማይፈርዱ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«እስቲ አስረዳኝ ልጄ። ሰንበትም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል አባ።»

«ስቅለትም?»

«ስቅለትም። መንገድ የተዘጋበትም። ለእሱ በማስረጃ ይቀንሱልን ብለን እንጽፋለን፤ ይቀንሱም አይቀንሱም የእነሱ ፈቃድ ነው። ሳጥኑ እዚህ ተቀምጦ ግን ምኑን እንለምናለን?»

«ይሄስ ከእኛ ቀኖና ከበደ» አሉ። «እኛ እንኳ ስንለመን እናቃልላለን።» ወደ አጎቴ ዞሩ። «የሰው ከብት በረትህ ገብቶ አድሮ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«ለባለቤቱ እመልስ ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ ይኼ ቀንድ ስለሌለው ነው?»

ሾፌሩን ቆሎው ትን አለው። አጎቴ ግን አልሳቁም። «ማሽኖቹን የት ላድርጋቸው? ዝናብ ላይ?»

«የዚህ ልጅ ክፍል አለ» አሉ አክስቴ። በአጎቴ ክንድ ሥር ጎንበስ ብለው አልፈው ገቡና አንዱን ማሽን መጎተት ጀመሩ። አጎቴ ትንሽ ቆመው አዩአቸው። ከዚያ እጃቸው ወረደ፤ ገብተውም በሌላው ጫፍ ያዙ።

ጎረቤት ተጠርቶ ወጣ፣ ተሸከመ፣ ክፍሌ ሞላ። ሾፌሩ በሩን እየዞረ አይቶ፣ «ይህን ቀለም አጽዱት፤ እዚያ ሲረከቡ ጉዳት ብለው ይይዙባችኋል» አለ። በጨርቅና በቤንዚን ፈተግኩት። የአጎቴ ስም ቶሎ ለቀቀ። የእኔ ግጥም ግን «ያረፈ» የምትለው ላይ ደርሶ እምቢ አለኝ፤ በጥፍሬ ጨረስኳት። ሳጥኑ በዚያው በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተንከባልሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ያን ዕለት እልል ያለ የለም።

ቦርሳዬን ላመጣ ክፍሌ ገባሁ። ከመውቂያዎቹ ጀርባ፣ አልጋዬ ሥር ነው። በመንኮራኩርና በብረት መሐል በጎኔ ተሹለክልኬ ስደርስበት፣ አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆሙ።

«እኔ ነኝ የምሄደው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ተዘጋጅቻለሁ። ትራንዚተሩም የሚያውቀው እኔን ነው።»

«ፊቱን አይቼ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ሌላ ሳጥን ቢመጣ ውክልና የምሰጠው ሰው አይደል?» ማሽኖቹን አንድ በአንድ አዩ፣ በመጨረሻ እኔን። «አንተ እነዚህን ጠብቅ። እስኪሸጡ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል።»

ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አጎቴ ወጡ፤ በሩ ከአንዱ ማሽን ጎማ ጋር ስለተጋጨ፣ በትከሻቸው ገፍተው ዘጉት።